ደብተሩ ለምን ባዶ ሆነ? ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለው ዓመት በጨዋታ ላይ የተመሠረተበት ምክንያት

በአምቦና በሌሎች የምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ በጉደርም ሆነ በጊንጪ፣ በጌዶም ሆነ በባኮ፣ ወላጅ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አስቀድሞ የሚመለከተው ደብተሩን ነው። ደብተሩ በፊደልና በቁጥር ተሞልቶ ከተገኘ ልጁ ሲማር እንደዋለ ይታመናል። ባዶ ሆኖ ከተገኘና ልጁም «ስንጫወት ዋልን» ብሎ ከመለሰ ግን ቅሬታ ይነሣል፤ ቅሬታውም ውሎ አድሮ ወደ ሰበካ ጉባኤው ይደርሳል። «ከፍለን የምናስተምረው እንዲጫወት ከሆነ ቤቱስ ይጫወት አልነበረምን?» የሚለው ጥያቄ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይሻል። መልስ ሳያገኝ ሲቀር የሚሆነው ይታወቃል። ኮሚቴው መምህርቷን ይጠይቃል፤ መምህርቷም ወላጅን ለማስደሰት ስትል አንድን ቁጥር በአንድ ገጽ ሙሉ እንዲገለብጡ ለሕፃናቱ ታዛለች። ደብተሩ ይሞላል፣ ወላጅ ይረጋጋል፤ ልጁ ግን ዓመቱን ያጣል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ለቤተሰቦች በቂ መልስ መስጠት እንዲችሉ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ጨዋታን መሠረት ማድረግ ከውጭ የመጣ ፋሽን ወይም የአንዲት መምህርት ፈሊጥ አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመዋዕለ ሕፃናትን ዓላማ የልጁን ሁለንተናዊ ዕድገት ማገዝና ለመደበኛ ትምህርት ማዘጋጀት ሲል አስቀምጦታል። በ2002 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር፣ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍም ይህንኑ አሳብ አስፍቶ ይዟል። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የተከፈተው «ኦ ክፍል» የተባለው ዓመት የዝግጅት ዓመት እንጂ 1ኛ ክፍልን አስቀድሞ የሚጀምር ዓመት እንዲሆን አልታሰበም። ይሁን እንጂ ፖሊሲ መጥቀስ ወላጅን አያሳምንም። የሚያሳምነው ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ነው።

ማለትና ማወቅ

ለካህናት አባቶቻችን ምሳሌው ቅርብ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑ በመጀመሪያ ሀሁን በዜማ ይላል። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር ሳይሳሳት ያዜመዋል፤ ነገር ግን በስንደዶው የጠቆመው ፊደል ሌላ፣ አፉ የሚጠራው ሌላ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህም ሀሁ ሲያበቃ አቡጊዳ ይከተላል። በአቡጊዳ ቅደም ተከተሉ የተበተነ ስለሆነ በዜማው ትዝታ ብቻ ሲነዳ የነበረው ልጅ ይደናቀፋል፣ ፊደሉን በመልኩ የለየው ልጅ ግን ይቀጥላል። አባቶች በቅደም ተከተል ማለት ማወቅ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

«እኛ ከየኔታ እግር ሥር ቁጭ ብለን ተምረን ምን ጎደለብን?» የሚል አባት ቢኖር፣ የዚያን ትምህርት አሠራር እንዲያስታውስ እንጠይቀዋለን። ልጁ በየኔታ ወይም በዕድሜ ከፍ ባለ ተማሪ ፊት ለብቻው ይቀርባል፤ ጣቱ በፊደሉ ላይ ነው፤ ያላወቀውን ሳያውቅ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ለሁሉም አንድ ገጽ፣ ለሁሉም አንድ ቀን የለም። ዛሬ ግን አምሳ ሕፃናት በአግዳሚ ወንበር ተደርድረው ከሰሌዳ ላይ ሲገለብጡ የልጁን ስሕተት የሚያይ ዓይን የለም። ግማሽ ሰዓት ለአምሳ ሕፃናት ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 36 ሴኮንድ ብቻ ነው። የዛሬው የተቀመጡበት ሥራ መልኩ የየኔታን ትምህርት ይመስላል እንጂ አሠራሩ ሌላ ነው።

ሰባት ቆርኪ

አሁን አንድ ልጅ እንውሰድ። ዕድሜው አምስት ዓመት ተኩል ነው፤ በቤቱ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ነው። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን፣ ጀሃ፣ ቶርባ» እያለ እስከ ሃያ ይቆጥራል፤ ቤተሰቡም ቁጥር እንደሚያውቅ እርግጠኛ ነው። በፊቱ ሃያ የአምቦ ውኃ ቆርኪ አስቀምጠን «ሰባት ስጠኝ» ብንለው ግን በእጁ የያዘለትን ያህል ዘግኖ ይሰጠናል። ደግመን ብንጠይቀው ደግሞ ይዘግናል። ሦስት ብንለው ግን በትክክል ሦስት ይሰጣል። እንግዲህ ይህ ልጅ እስከ ሃያ ይላል እንጂ የሚያውቀው እስከ ሦስት ነው።

ይህ ስንፍና አይደለም፤ የቁጥር ዕውቀት የሚያድግበት መንገድ ነው። ሕፃናት በመጀመሪያ የአንድን፣ ቀጥሎ የሁለትን፣ ከዚያም የሦስትን ብዛት ይረዳሉ፤ በየደረጃውም መካከል ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። ከዚህ በኋላ አንድ ትልቅ ነገር ይገባቸዋል፤ ይኸውም ሲቆጥሩ በመጨረሻ የጠሩት ስም የሁሉም ብዛት መሆኑ ነው። ይህን ያልተረዳ ልጅ «7» የሚለውን ምልክት በገጽ ሙሉ ቢጽፍ የሚለማመደው አንድ ጎባጣ መስመር መሥራትን ብቻ ነው። በ1ኛ ክፍል መደመር ሲጀመርም ምልክቱ ምን እንደሚወክል ስለማያውቅ መልሱን በግምት ወይም ከጎረቤቱ ያገኛል።

ጨዋታው ይህን ክፍተት የሚሞላው እንዲህ ነው። መምህርቷ በክፍሉ አንድ ማዕዘን ገበያ ታቋቁማለች። አሸዋው ጤፍ ነው፤ መስፈሪያው ባዶ ጣሳ ነው፤ የጭቃ ድብልብሎች ድንችና ሽንኩርት ናቸው፤ ገንዘቡ ቆርኪ ነው። በእያንዳንዱ ዕቃ ፊት ዋጋውን የሚያሳዩ ነጠብጣቦች ያሉበት ካርቶን ተቀምጧል። ሁለት ሕፃናት ይሸጣሉ፣ ሌሎች ይገዛሉ። «እትዬ፣ ጤፉ ስንት ነው?» ይላል ገዢው። ሻጯ ነጠብጣቦቹን ቆጥራ «ሰባት» ትላለች። ገዢው ከኪሱ እያወጣ አንድ በአንድ ያስቀምጣል፤ አምስት ላይ ከቆመ ሻጯ ዝም አትለውም። ስሕተቱ በዚያው ቅጽበት ይገለጣል፤ የሚገልጠውም የመምህርት ቀይ እስክሪብቶ ሳይሆን ገንዘቡ የጎደለባት ጓደኛው ናት። ልጁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ ይገዛልና ደጋግሞ ይቆጥራል።

መምህርቷም በዚህ ጊዜ ቁጭ ብላ አትመለከትም። በገዢነት ትገባና ሕፃኑ ሰባቱን ቆጥሮ ሲጨርስ «በጠቅላላው ስንት ሆነ?» ትለዋለች። ወዲያው «ሰባት» ካለ ብዛቱን ተረድቷል፤ እንደገና ከአንድ መቁጠር ከጀመረ ገና ነው። ቆርኪዎቹን በሳህን ሸፍና «ከሥሩ ስንት አለ?» ትላለች። ሌላ ጊዜ አራርቃ ትደረድራቸውና «አሁን በዛ ወይስ ያው ነው?» ብላ ትጠይቃለች፤ መስመሩ ስለረዘመ ብቻ በዛ የሚል ልጅ በዚህ ዕድሜ ብዙ ነው። ሰባቱን ካወቀ በኋላ ደግሞ «መርቂልኝ» ማለት ይመጣል። ሻጯ አንድ ድንች ስትመርቅለት ሰባት ስምንት ይሆናል፤ መደመር የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። የተጻፈው ቁጥር ከነጠብጣቦቹ አጠገብ የሚቀመጠው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ ልጁ ምልክቱን የሚቀበለው ቀድሞ ለሚያውቀው ነገር እንደ ስም አድርጎ ነው።

ቆርኪ ለዚህ ሥራ የተመረጠው ያለ ዋጋ ስለሚገኝ ነው። ሆኖም ጠርዙ ስለት ያለው እንዳይሆን አስቀድሞ በመዶሻ መደፍጠጥ ይገባል። ባቄላና መሰል ጥራጥሬ ደግሞ ታናናሽ ልጆች በሚገኙበት ቦታ ሊታነቁበት ወይም በአፍንጫቸው ሊከቱት ስለሚችሉ ባይጠቀሙበት ይመረጣል።

ከፊደል በፊት ጆሮ

በንባብም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ የሚረዝም አናባቢ በሁለት ፊደል፣ የሚያጥር በአንድ ፊደል ይጻፋል። «ረፉ» መተኛት ነው፤ «ራፉ» ጎመን ነው። በቁቤ ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ተጨማሪ ፊደል ብቻ ነው። የድምፁን ርዝመት በጆሮው ያልለየ ልጅ ፊደሉን መቼ እንደሚደግም ሊያውቅ አይችልም፤ መቶ ጊዜ ቢገለብጥም ጆሮው አይከፈትም። በአማርኛም እንዲሁ «አለ» ጠብቆ ሲነበብና ላልቶ ሲነበብ አንዱ «ይገኛል»፣ ሌላው «ተናገረ» ማለት ሲሆን፣ ጽሑፉ ግን ልዩነቱን አያሳይም፤ አንባቢው የሚለየው በጆሮው ከያዘው ቋንቋ ነው።

ይህን የሚያሠለጥነው ጨዋታ ቀላል ነው። መምህርቷ ቃል ትጠራለች፤ ሕፃናቱ በየቀለሙ ያጨበጭባሉ። ድምፁ ሲረዝም እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ሲያጥር ይሰበስባሉ። የተሳሳተ ልጅ ከጨዋታው አይወጣም፤ ቀጣዩን ቃል የሚጠራው እርሱ ይሆናል። ቀጥሎ በአንድ ድምፅ የሚጀምሩ ስሞችን መፈለግ ይመጣል፤ «ከክፍላችን ውስጥ ስሙ እንደ ‹ቶላ› የሚጀምር ማን ነው?» ትላለች። ተረትና እንቆቅልሽም ከዚሁ ጎራ ናቸው፤ ብዙ ቃል የሰማ ልጅ በኋላ ፊደሎችን ገጣጥሞ ሲያነብ የሚያገኘው ቃል ቀድሞ የሚያውቀው ይሆናል። ጨዋታው ልጁ ከቤቱ ይዞት በመጣው ቋንቋ መሆን ያለበትም ስለዚህ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ተናጋሪዎች ቢኖሩ በሁለቱም መጫወት ይቻላል፤ ማጨብጨብ ቋንቋ አይመርጥም።

እጅም ጊዜ አለው

የአምስት ዓመት ልጅ እርሳስ ጨብጦ ረድፍ ሲሞላ አስተውላችሁ ከሆነ ምላሱን ያወጣል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ክንዱ በሙሉ ይንቀሳቀሳል፣ ወረቀቱም ይቀደዳል። ምክንያቱ የጣቶቹና የአንጓው ጡንቻ ለረቂቅ እንቅስቃሴ ገና አለመጠንከሩ ነው። ከስምንቱ የእጅ አንጓ ትናንሽ አጥንቶች አንዳንዶቹ በዚህ ዕድሜ ገና ለስላሳ ናቸው። በግዴታ የሚጽፍ ልጅ እርሳሱን በጡጫ ይይዛል፤ ይህ አያያዝ ከለመደበት በኋላ ማረም ከባድ ነው፤ መጻፍንም ከድካም ጋር አያይዞ ይጠላዋል።

ጭቃ ማቡካት፣ ማድቦልቦል፣ ስንደዶ መቋጠር፣ ዶቃ በክር መሰካት፣ ወረቀት በጣት መቅደድ፣ ቅልልቦሽ መጫወት፣ እነዚህ ሁሉ በኋላ እርሳስ የሚይዙትን ሦስት ጣቶች ያጠነክራሉ። በአሸዋ ሰሌዳ ላይ በጣት መሳል ደግሞ ልጁ ቢሳሳት በመዳፉ አጥፍቶ እንዲጀምር ያስችለዋል። መጻፍ አልተከለከለም፤ ስሙን ለመጻፍ የፈለገ ልጅ ጠመኔና አጭር ወፍራም እርሳስ ይሰጠዋል። የተከለከለው ሁሉም በአንድ ጊዜ አንድ ረድፍ እንዲሞሉ ማስገደድ ነው።

ጨዋታ ስሙን ብቻ ሲይዝ

በየከተሞቹ ለክትትል ስንዘዋወር ጨዋታ በሚባለው ስም ሌላ ነገር ሲደረግም አይተናል፤ ወላጆች የሚያነሡት ቅሬታ ሁልጊዜ መሠረት የለሽ አይደለም። በአንዱ ቦታ ሕፃናቱ ቀኑን ሙሉ በግቢ ተለቀው መምህርቷ ከጥላ ሥር ትቀመጣለች። በሌላው መጫወቻው ሁሉ በሳጥን ተቆልፎ የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ነው። በሦስተኛው ደግሞ «በመዝሙር እናስተምራለን» ተብሎ ሕፃናቱ ቀኑን ሙሉ መምህርቷን እየተከተሉ ይጮኻሉ፤ ይህም ቢሆን ያለ አቡጊዳ የቀረ ሀሁ ነው።

ኮሚቴው ልዩነቱን ለማወቅ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ቢቀመጥ ይበቃል። አብዝቶ የሚናገረው ማን ነው? መምህርቷ ብቻ ከሆነች ሕፃናቱ እየሰሙ እንጂ እየተጫወቱ አይደለም። ጣሳውና ካርቶኑ አርጅቷል ወይስ አዲስ ነው? ያረጀ ዕቃ የሥራ ምስክር ነው። መምህርቷ የእያንዳንዱ ልጅ ስም ያለበት መዝገብ አላትን? በመዝገቡ ላይ ልጁ እስከ ስንት ድረስ ቆጥሮ መስጠት እንደሚችል ካልተጻፈ የነገውን ጨዋታ በምን ታቅዳለች? በአምሳ ልጆች ክፍል ጥሩው አሠራር በአምስት ምድብ መክፈል ነው፤ አራቱ በየማዕዘናቸው ሲጫወቱ መምህርቷ በዕለቱ ከአንዱ ጋር ትቀመጣለች። በዚህ ዓይነት እያንዳንዱ ምድብ በሳምንት አንድ ቀን ከመምህርቷ ጋር በቅርብ ይሠራል።

የጨዋታው ዓመት ወሰንም አለው። ልጁን አንባቢ አያደርገውም፤ ያ የ1ኛ ክፍል መምህር ሥራ ነው። በኒውዚላንድ የተደረገ ጥናት ንባብን በአምስትና በሰባት ዓመታቸው የጀመሩ ልጆችን አነጻጽሮ፣ አሥራ አንድ ዓመት አካባቢ ሲደርሱ በንባብ ችሎታቸው ልዩነት እንዳላገኘ ያሳያል። እነዚያ ልጆች ግን በሰባት ዓመታቸው በሚገባ የሚያስተምራቸው መምህርና የሚነበብ መጽሐፍ አግኝተዋል። እኛም ጋር ጨዋታው ፍሬ የሚሰጠው 1ኛ ክፍል ተራውን ሲወጣ ነው።

ለቤተሰብ የሚነገረው

እንግዲህ ወላጅ «ልጄ ምን ተማረ?» ሲል ደብተር ከማሳየት ይልቅ በቤቱ ራሱ ሊያየው የሚችለውን እንንገረው። ቡና ሲፈላ ልጁን «ለእንግዶቹ ስኒ ቁጠርልኝ» ይበለው፤ አምስት እንግዳ ካለ አምስት ስኒ ያመጣ ልጅ ቁጥር ያውቃል። ሁለት ቃል ነግሮ «የትኛው ይረዝማል?» ይበለው። አንድ ተረት ነግሮት በማግሥቱ መልሶ እንዲነግረው ይጠይቀው። ቁልፍ ሲቆልፍና ሽንብራ ሲፈለፍል ጣቶቹን ይመልከት። እነዚህን በመስከረም ያልቻለ ልጅ በሰኔ ከቻለ ዓመቱ አልባከነም። ዓመቱን ሙሉ ድምፅ ሲጠራው የማይዞር ወይም ዕቃን ወደ ዓይኑ እጅግ አቅርቦ የሚያይ ልጅ ካለ ግን ጉዳዩ የጨዋታ አይደለምና ጆሮውና ዓይኑ በጤና ጣቢያ ይመርመር።

ከሰበካ ጉባኤያት የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ቤተሰቦች በመስከረም ምዝገባ ሲመጡ ይህ ማብራሪያ በቃል እንዲነገራቸውና ስለ ሰባቱ ቆርኪ የተጻፈው በፊታቸው በአንድ ልጅ እንዲታይ ነው፤ ከረጅም ንግግር ይልቅ ያሳምናል። ሁለተኛው፣ መምህርቷ በደብተር ብዛት እንዳትመዘን ነው። በደብተር የምትመዘን መምህርት ደብተር ትሞላለች። ሰባት ስጠኝ ሲሉት ሰባት በሚሰጥ ልጅ የምትመዘን መምህርት ግን ገበያውን በየጠዋቱ ትከፍታለች።